ማኅተሙ የሸፈነው ድምር

ሃያ ብር ነበር ያስቸገረን። ብዙ ዓመት ይሆነዋል። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል የወሩን የባንክ ማስታረቂያ ሲሠራ ሌጀሩ ላይ ያለው ወጪ ከባንክ ከወጣው ገንዘብ በሃያ ብር በለጠ። ሃያ ብር ከኪስ አውጥቶ መተካት ቀላል ነው፤ ማንም ሒሳብ ሠራተኛ ግን እንደዚያ አያደርግም። ልዩነቱ ያለው ሰነድ ውስጥ እንጂ ካዝና ውስጥ አይደለምና። ሁለት ቀን ፈለግነው። በመጨረሻ የተገኘው በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ግዥ ደረሰኝ ላይ፣ ሐምራዊ ክብ ማኅተም ሥር ነበር።

ደረሰኙን ዛሬም በዓይኔ አየዋለሁ። ሻጩ በኮምፒውተር አዘጋጅቶ በሌዘር ፕሪንተር ያተመው ነው። ከላይ ሦስት መስመር ዕቃ አለ፤ ከታች ንዑስ ድምር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ጠቅላላ ድምር፣ ከዚያም «ብር በፊደል» የሚል መስመር። የእኛ ሰዎች እጅ ከገባ በኋላ ግን ወረቀቱ መልኩ ተቀየረ። ንብረት ክፍል «ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈረመ፤ ፊርማው ንዑስ ድምሩን ሸፈነው። ክፍያ ያዘጋጀው ሰው የሚከፈለውን የተጣራ ገንዘብ በእስክሪብቶ ጻፈ፤ ቦታ አጥቶ ነው መሰለኝ የታክሱ መስመር ላይ ጻፈው። ገንዘብ ያዧ በፊደሉ ላይ ፈረመች። በመጨረሻ «ተከፍሏል» የሚለው ማኅተም መጥቶ ጠቅላላ ድምሩ ላይ አረፈ። አንድ ወረቀት ላይ አራት ሰው ሥራውን በትክክል ሠራ፤ አራቱ ተደምረው ደረሰኙን የማይነበብ አደረጉት።

ይህን ሲያደርጉ ተንኮል አልነበራቸውም። «ተከፍሏል» የሚለው ማኅተም የሚመታው ያው ደረሰኝ ተመልሶ ሁለተኛ ክፍያ እንዳይጠየቅበት ነው። ድምሩ ላይ መምታትም ራሱን የቻለ ልማድ ነው፤ ብዙ ነባር ገንዘብ ያዦች ቁጥሩ ላይ ማኅተም ካለ ማንም ሊቀጥልበት ወይም ሊፍቀው አይችልም ብለው ያምናሉ። እምነቱ ግማሽ እውነት አለው። ማኅተም ያረፈበትን ቁጥር መፋቅ በእርግጥ ከባድ ነው። ማንበብም ከባድ መሆኑ ነው ችግሩ።

ሌጀር የሚሞላው ልጅ ድምሩን 28,080 ብሎ አነበበው። እኔም ብሆን እንደዚያ አነብ ነበር። ነገሩ የተፈታው ልዩነቱን በማየት ነው። በሒሳብ ሥራ የቆየ ሰው ልዩነት ሲያገኝ መጀመሪያ ለዘጠኝ ያካፍለዋል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ተጽፈው ይሆናል፤ ለምሳሌ 54 ተብሎ የሚጻፈው 45 ሲሆን። ሃያ ለዘጠኝ አይካፈልም። ደግሞም ሃያ ውስጥ ዜሮ ያልሆነው አሃዝ አንድ ብቻ ነው፤ አሥር ቤት ላይ ያለው ሁለት። ይህ የሚያመለክተው አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር ላይ፣ አሥር ቤት ያለውን አሃዝ በሁለት አስበልጦ አንብቦታል ማለት ነው። በሁለት የሚበላለጡና የሚመሳሰሉ አሃዞችን ደግሞ ፈልጎ ማግኘት አይከብድም፤ ስድስትና ስምንት ናቸው። እንግዲህ አሥር ቤታቸው ላይ ስምንት ተብሎ የተመዘገቡትን ወጪዎች ብቻ ለይተን ሰነዶቻቸውን አወጣን። አምስት አይሞሉም ነበር። ሦስተኛው ይህ ደረሰኝ ሆነ።

እዚህ ላይ ያኔ የተማርኩት፣ ከዚያ ወዲህም ያልከዳኝ አንድ ነገር አለ። ማኅተም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ቀለም ወረቀት ላይ መስመር ያክላል፤ የታተመ መስመር አያጠፋም። ስለዚህ ከማኅተም ሥር ያለ አሃዝ ሲነበብ ስሕተቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያዘነብላል። የክቡ ጠርዝ በስድስት ክፍት ጎን ካለፈ ስድስቱ ተዘግቶ ስምንት ይሆናል። ሦስትም በግራ ጎኑ ቅስት ካገኘ ስምንት ይመስላል። ዜሮ በመሐሉ ጭረት ካለፈበት እንደዚያው። አንድም ከላዩ ጭረት ቢያርፍበት ሰባት ነው። በተገላቢጦሹ ግን አይሆንም፤ ከማኅተም ሥር ጎኑ ክፍት ሆኖ የሚታይ ሦስት ከነበረ በእርግጥ ሦስት ነው፤ ስምንት ቢሆን ኖሮ የግራ ጎኑን ማኅተሙ ሊበላው አይችልም። ስለዚህ በማኅተም ሥር ከአሃዞች ሁሉ አነስተኛ እምነት ሊጣልበት የሚገባው ስምንት ነው። (ሙቀት በሚያነበው ስስ ወረቀት ላይ የታተመ ደረሰኝ ግን የተለየ ነው፤ እመለስበታለሁ።)

ከአሃዝ ይልቅ የሚያስፈራው ነጥብና ኮማ ነው። የሳንቲሙ ነጥብ በእስክሪብቶ ጭረት ከተሸፈነ 28,060.00 ሚሊዮን ቤት ይገባል። እንዲህ ያለውን ስሕተት ግን ማንም ቶሎ ይይዘዋል፤ የጽሕፈት መሣሪያ በሁለት ሚሊዮን ብር አይገዛምና። የሚያልፈው ትንሹ ነው።

ጥርጣሬ በቂ አይደለም፤ ስድስት መሆኑን ማስረዳት ነበረብን። ደረሰኙ ራሱ አስረዳን። ዕቃዎቹ አሥራ አራት ደስጣ የፎቶ ኮፒ ወረቀት በ650 ብር፣ ሁለት ቶነር በ5,400 ብር፣ ሃያ አምስት ቦክስ ፋይል በ180 ብር ነበሩ። ማንም ያልፈረመባቸው እነዚህ መስመሮች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው 9,100፣ ሁለተኛው 10,800፣ ሦስተኛው 4,500 ይሆናል፤ አንድ ላይ 24,400። በዚያ ላይ 15 በመቶ ታክስ 3,660 ይመጣል። ድምሩ 28,060።

ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ከታች ወደ ላይም መሄድ ይቻላል። የዕቃው መስመሮች ተሸፍነው ጠቅላላው ብቻ በከፊል ቢታይ ኖሮ፣ የጠረጠርነውን ቁጥር ለ1.15 እናካፍለዋለን። 28,060 ለ1.15 ሲካፈል ልክ 24,400 ይወጣል። 28,080 ግን 24,417 ብር ከ39 ሳንቲም ይሰጣል። በሙሉ ብር ዋጋ ከሚሸጥ ሱቅ ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲም ከየት ይመጣል? ይሁን እንጂ በዚህኛው መንገድ ብቻ መፍረድ አይገባም። ታክሱን ዋጋው ውስጥ አጠቃልለው የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉ፤ የእነሱ ጠቅላላ ድምር ክብ ቁጥር ሆኖ ንዑስ ድምሩ በሳንቲም የተበጣጠሰ ይሆናል። ከታች ወደ ላይ ማካፈል ጥርጣሬን ያጠብባል፤ ማስረጃ የሚሆነው የዕቃው መስመር ነው።

ሁለተኛው ምስክር በእስክሪብቶ የተጻፈው ቁጥር ነው። የታክሱ መስመር ላይ በሰማያዊ ቀለም 27,572 ተብሎ ተጽፎ ነበር። እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ «ድምሩ ተስተካክሏል» ብሎ ይደነግጣል። አልተስተካከለም። በዚያን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ግዥ ላይ 2 በመቶ ተቀናሽ ግብር ይያዝ ነበር፤ የሚሰላውም ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። የ24,400 ሁለት በመቶ 488 ብር ነው። 27,572 ላይ 488 ሲደመር 28,060። ያ ለነገሩ እንግዳ የሚመስለው ጽሑፍ የተሸፈነውን ድምር በሌላ በር አመጣልን። የቼኩ ጉርድም 27,572 ይል ነበር፤ ከባንክ የወጣው ገንዘብ ይኸው ነው። የተሳሳተው ሌጀሩ ብቻ ሆነ።

ሦስተኛውን ምስክር እኔ እጅግ እወደዋለሁ። «ብር በፊደል» የሚለው መስመር ላይ ገንዘብ ያዧ ስለፈረመችበት የሚነበበው «ሃያ ስምንት ሺህ ስ…» እስከሚለው ብቻ ነበር። አንዲት ፊደል በቃች። ሰማንያ በግዕዙ ሰ ይጀምራል፤ ሰባም እንደዚያው። በሳድሱ ስ የሚጀምረው ስልሳ ነው፤ ስድሳ የሚልም አለ፣ እሱም በስ ነው። ስምንትና ስድስትም በስ ይጀምራሉ እንዳይባል የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ዜሮ መሆኑ በግልጽ ይታይ ነበር። አሃዝ የሚያምታታውን ፊደል ይለየዋል፤ 6ን 8 ለማድረግ አንድ ቅስት ይበቃል፣ ስልሳን ሰማንያ ለማድረግ ግን ቃሉን እንደገና መጻፍ ይጠይቃል። ሕጉም ይህን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ስለ ሐዋላ ወረቀትና ስለ ቼክ ሲደነግግ፣ በአሃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ ከተለያየ በፊደል የተጻፈው ይጸናል ይላል። ስለዚህ የደረሰኙ ጠቅላላ ድምር የግድ ይፈረምበት ከተባለ እንኳ ፊደሉን ተዉት።

ወረቀቱ ራሱን በራሱ የማያስረዳበት ጊዜም አለ። ያኔ ሰው ቀለሙን ለመለየት ይሞክራል፤ እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ነገር ነገሩን ያባብሰዋል። ስልኩን ያነሣና ሰነድ በሚያነሣ መተግበሪያ ፎቶ ይወስዳል። መተግበሪያው «ጥራት ልጨምር» ብሎ ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፤ ሐምራዊው ማኅተምና ጥቁሩ ቁጥር አንድ ላይ ጥቁር ይሆናሉ። ተራው ፎቶ ኮፒ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ኦዲተር ፊት የሚቀርበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮፒው ነው። በዓይን ይለይ የነበረው በኮፒው ላይ ይጠፋል።

መፍትሔው ቀለሙን ማቆየት ነው። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ በተራው ካሜራ በባለ ቀለም ያንሡት፤ ስካነር ካለ በቀለም ስካን ያድርጉት። ባለ ቀለም ምስል በውስጡ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ንጣፎች አሉት። ሐምራዊ ቀለም ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን መልሶ አረንጓዴውን ይውጣል። ስለዚህ በአረንጓዴው ንጣፍ ማኅተሙ ጎልቶ ይታያል፤ በቀዩና በሰማያዊው ንጣፍ ግን ደብዝዞ ነጩ ወረቀት ውስጥ ይገባል። ሰማያዊ እስክሪብቶና ሰማያዊ ማኅተም በሰማያዊው ንጣፍ፣ ቀይ ማኅተም በቀዩ ንጣፍ ይደበዝዛል። የፕሪንተሩ ጥቁር ሦስቱንም ስለሚውጥ በሦስቱም ንጣፍ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ማኅተሙ ሲደበዝዝ ቁጥሩ ብቻውን ይቆማል። በነጻ በሚገኘው GIMP በተባለው የምስል ፕሮግራም `Colors > Components > Decompose` የሚለውን ሲጫኑ ሦስቱን ንጣፎች ለየብቻ ያወጣቸዋል። ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ የስጦታ መጠቅለያ የሆነው ባለ ቀለም ሴሎፎን ይረዳል፤ ሰማያዊ ጽሑፍን በሰማያዊ ሴሎፎን፣ ቀዩን በቀይ ማየት ነው። ፍጹም አያጠፋውም፣ ቅስቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለማየት ግን ይበቃል።

ጥቁር በጥቁር ላይ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። ጥቁር እስክሪብቶ በጥቁር ቶነር ላይ ሲያርፍ ሦስቱም ንጣፍ አንድ ዓይነት ነው የሚያሳየው። ያኔ ወረቀቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በአግድም በሚመጣ ብርሃን ማየት አንዳንዴ ይጠቅማል፤ የሌዘር ቶነር ወረቀቱ ላይ የተለጠፈ ዱቄት ስለሆነ ለብቻው ያብለጨልጫል፣ እስክሪብቶ ደግሞ ወረቀቱን ጎድጎድ ያደርገዋል። ከዚህ ያለፈው የፎረንሲክ ባለሙያ ሥራ ነው። እነሱ ዓይን በማያየው ታሕተ ቀይ ብርሃን ያያሉ፤ የአብዛኞቹ እስክሪብቶዎች ቀለም በዚያ ብርሃን እንደ መስታወት ያሳልፋል፣ ካርቦን ያለበት ቶነር ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ለሃያ ብር ማንም እዚያ አይሄድም፤ ለፍርድ ቤት ክርክር ግን ይኬዳል።

ወደ ሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ስስ ደረሰኝ ልመለስ። ይህ ወረቀት ቀለም አይታተምበትም፤ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል። ስለዚህ ጊዜና ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ የማኅተም ቀለምና የማድመቂያ እስክሪብቶ ውስጥ ያሉ ፈሳሾችም ሊያበላሹት ይችላሉ። ላሚኔት የሚያደርገውማ ራሱ ያጠፋዋል፤ ሙቀቱ ወረቀቱን በሙሉ ያጠቁረዋል። በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ «ማኅተም አይቀንስም» ያልኩት አይሠራም፤ ከማኅተሙ ሥር ያለው ቁጥር እውነትም ሊጠፋ ይችላል። ማኅተም የግድ ከሆነ ደረሰኙ ደጋፊ ወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ማኅተሙ ደጋፊው ላይ ይምታ። ድምሩ ከጠፋ ደግሞ `TXBL1` እና `TAX1` የሚሉትን መስመሮች ይፈልጉ፤ ሁለቱ ሲደመሩ `TOTAL` ይሆናሉ። `FS No.` የሚለው ተራ ቁጥር ከተነበበ ሻጩ ከማሽኑ መዝገብ ሽያጩን ፈልጎ ሊያመሳክር ይችላል። በጥራዝ በሚቆረጥ ደረሰኝ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል፤ የእኛ ማኅተም ያረፈው እኛ ጋ ባለው ቅጠል ላይ ብቻ ነው፤ በሻጩ ጥራዝ የቀረው ቅጂ ንጹሕ ነው።

የባንክ ሒሳብ መግለጫ ለኤምባሲ የሚያስገቡ ሰዎችም ይኸው ይገጥማቸዋል። የባንኩ ማኅተም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በገጹ ግርጌ፣ የመጨረሻው ቀሪ ሒሳብ ላይ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ሊያሳይ የፈለገው እሱኑ ነው። ቀሪውን ከበላዩ ካለው መስመር ማስላት ይቻላል፤ የቀደመው ቀሪ ላይ ገቢውን መደመር፣ ወጪውን መቀነስ ነው። ግን ይህን ስሌት ባለጉዳዩ በእስክሪብቶ ከጎኑ እንዳይጽፈው። ወደ ባንኩ ተመልሶ ማኅተሙ ባዶ ቦታ ላይ እንዲመታ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰነድ ተርጓሚም ቢሆን ያልተነበበውን ቁጥር ገምቶ መጻፍ የለበትም፤ «በማኅተም የተሸፈነ፣ የማይነበብ» ብሎ መጻፉ ከግምቱ ይልቅ ለባለጉዳዩ ይጠቅመዋል።

ይህን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የሒሳብ ሰነድ «ስርዝ ድልዝ» ካለበት ተቀባይነት ያጣል። በማኅተም የተሸፈነ ቁጥር ስርዝ ድልዝ አይደለም፤ ማንም አልለወጠውም። ሰው እንዲነበብ ብሎ በእስክሪብቶ ሲያደምቀው ግን ያን ጊዜ ስርዝ ድልዝ ይሆናል። ማኅተሙን በአልኮል ወይም በበረኪና ለማስለቀቅ የሚሞክርም አለ፤ እሱ ንጹሕ ሰነድን በገዛ እጁ የፎርጅድ መልክ ይሰጠዋል። ትክክለኛው መንገድ ወረቀቱን ሳይነኩ በሌላ ወረቀት ማስታወሻ ማያያዝ ነው፤ የተሸፈነው ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ በምን እንደታወቀ፣ ማን እንዳረጋገጠና ቀኑን ጽፎ መፈረም። እኛ ያደረግነው ይህን ነው። የዕቃውን ስሌት፣ የተቀናሹን ስሌትና የቼኩን ጉርድ ቁጥር በአንድ ገጽ ጽፈን ሒሳብ ሹሙ ፈረሙበት፤ ሌጀሩ በማስተካከያ ቫውቸር ታረመ።

ከዚያ ወዲያ በእኛ ክፍል ሁለት ነገር ተለወጠ። ደረሰኝ እንደገባ ማንም ሳይፈርምበት በቀለም ስካን ይደረጋል። «ተከፍሏል» የሚለው ማኅተም ደግሞ ከቁጥር ዓምድ ወጥቶ በዕቃው ዝርዝር ግራ ጎን፣ ክቡ ማኅተም ፊርማውንና ቲተሩን ነክቶ አሃዝ ሳይነካ እንዲያርፍ ተባለ። ገንዘብ ያዧ መጀመሪያ ቅር አላት፤ «ቁጥሩን ማን ይጠብቀዋል?» አለች። ፊደሉ ይጠብቀዋል አልናት። ደረሰኙ ዛሬም ማኅደሩ ውስጥ አለ፤ ማስታወሻው ከጀርባው ተያይዟል፣ ፊቱን የሚያይ ሰው ግን አሁንም 28,080 ብሎ ያነበዋል።